ባላንስ ያደረገ ጆርናል ሁሉ ትክክል አይደለም፦ ወር ከመዘጋቱ በፊት የባልደረባን ሥራ ማየት

የሂሳብ ሶፍትዌር ጆርናል ሲገባለት የሚጠይቀው ዋና ጥያቄ አንድ ነው፦ የዴቢቱ ድምር ከክሬዲቱ ድምር ጋር እኩል ነው? እኩል ካልሆነ ፖስት አያደርግም። እኩል ከሆነ ግን ግራና ቀኙ ቢገለበጥም፣ ታክሱ ቢዛባም፣ ወሩ ቢሳሳትም ዝም ብሎ ይቀበላል። ትራያል ባላንሱም ላይ ምንም አይታይም። የቀረውን ማየት ያለበት ሰው ነው።

ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ ባልደረባችሁ ያዘጋጀውን ጆርናል ስትከፍቱ ሦስት ነገር ላይ አተኩሩ። ጎኑ ትክክል ነው? የታክስ መስመሩ ትክክል ነው? የተመዘገበበት ወር ትክክል ነው? ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዱ ምሳሌ ሦስቱንም ስህተት ይዟል። ደግሞ የተጋነነ እንዳይመስላችሁ፣ በሥራ ላይም ስህተቶቹ እንደዚህ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

አንድ ድርጅት ለማሽኖቹ የ12 ወር የጥገና ውል ገባ። ውሉ የጀመረው በ2ኛው ወር መጀመሪያ ቀን ነው። ዋጋው ከታክስ በፊት 120,000 ነው፤ ቫቱን 15 በመቶ ብለን እንያዝ፣ 18,000 ይሆናል። ጠቅላላው 138,000 ነው። ጥገና ሰጪው ግን ኢንቮይሱን የላከው ዘግይቶ፣ በ3ኛው ወር 27ኛ ቀን ነው። ስለዚህ 2ኛው ወር ሲዘጋ ኢንቮይስ አልነበረም። ድርጅቱ አገልግሎቱን ስላገኘ የአንድ ወር ድርሻውን፣ 10,000፣ በአክሩዋል ያዘ፦ ወጪ ዴቢት፣ የአክሩዋል ዕዳ ክሬዲት።

አሁን የሚዘጋው 3ኛው ወር ነው። ባልደረባችሁ ሁለት ጆርናል አዘጋጅቶ «እስቲ እይልኝ» ብሎ ሰጥቷችኋል።

```
ጆርናል ሀ (የ2ኛው ወር አክሩዋል ማንሻ)
  ዴቢት   የጥገና ወጪ        10,000
  ክሬዲት  የአክሩዋል ዕዳ       10,000

ጆርናል ለ (የጥገና ውል ኢንቮይስ)
  ዴቢት   የጥገና ወጪ       117,300
  ዴቢት   የግዢ ቫት         20,700
  ክሬዲት  ተከፋይ ሂሳብ      138,000
```

ሁለቱም ባላንስ ያደርጋሉ። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

መጀመሪያ ሰነዱን፣ ቀጥሎ ጆርናሉን

ወደ ስህተቶቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ የአሠራር ነገር። ብዙ ሰው ጆርናሉን ቀድሞ ያነባል፤ ከዚያ ሰነዱ ይደግፈው እንደሆነ ያያል። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል አደገኛ ነው። ጆርናሉን ቀድሞ ያነበበ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ መልሱ ተቀምጧል፤ ሰነዱን የሚያየው ያንን መልስ ለማጽደቅ ነው። ኢንቮይሱን ወይም ውሉን ቀድማችሁ ክፈቱ። «እኔ ብሆን ምን ብዬ እመዘግበው ነበር?» ብላችሁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ነው የባልደረባችሁን መክፈት። ልዩነቱ ራሱ ብቅ ይላል።

ሰነድ ያልተያያዘበት ጆርናል ከሆነ አትለፉት፣ መልሱት። «በኋላ አያይዘዋለሁ» የተባለ ሰነድ ወሩ ከተዘጋ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

ግራና ቀኝ

ጆርናል ሀን እንውሰድ። ስሙ «ማንሻ» ነው። አክሩዋልን ማንሳት ማለት ባለፈው ወር የተያዘውን መገልበጥ ነው፤ ዕዳው ዴቢት ይሆናል፣ ወጪው ክሬዲት። እዚህ ግን የተጻፈው ባለፈው ወር የተጻፈው ራሱ ነው። ምን እንደሆነ መገመት አይከብድም፦ የ2ኛውን ወር ጆርናል ኮፒ አድርጎ፣ ቀኑንና መግለጫውን ቀይሮ፣ ጎኖቹን ሳይገለብጥ ቀረ። ኮፒ የተደረገ ጆርናል የጎን ስህተት ትልቁ ምንጭ ነው።

እንዲህ ያለውን ለመያዝ ጥሩው ዘዴ ጆርናሉን እንደ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ነው። ዴቢትና ክሬዲት የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ተዉና «ምን ጨመረ? ምን ቀነሰ?» በሉ። ንብረትና ወጪ በዴቢት ይጨምራሉ። ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ በክሬዲት ይጨምራሉ። ጆርናል ሀ በዚህ ሲነበብ «የጥገና ወጪ ጨመረ፣ የአክሩዋል ዕዳም ጨመረ» ይላል። ታዲያ ምኑን አነሳው?

ሁለተኛው መያዣ የሂሳቡ ቀሪ ነው። ጆርናሉ ከገባ በኋላ የአክሩዋል ዕዳውን ሌጀር ክፈቱ። ኢንቮይሱ ስለመጣ ለዚህ ውል የሚቀረው ዜሮ መሆን ነበረበት። 20,000 ያሳያል። የስህተቱ መጠን የጆርናሉ እጥፍ መሆኑን ልብ በሉ። ጎን ሲገለበጥ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ መቀነስ የነበረበት ስለጨመረ ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሂሳብ ስታስታርቁ ምንጩ ያልታወቀ ልዩነት ካገኛችሁ ለሁለት አካፍሉትና ውጤቱን በወሩ ጆርናሎች ውስጥ ፈልጉት። ከአንዱ ጋር ከገጠመ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

ያለ ወትሮው ጎን የቆመ ቀሪም ምልክት ነው። ተከፋይ ሂሳብ ዴቢት ሆኖ፣ ወይም የወጪ ሂሳብ ክሬዲት ሆኖ ካያችሁ ጠይቁ። ሁሌ ስህተት ነው ማለት ግን አይደለም። ለአቅራቢ ከዕዳው በላይ ከተከፈለ ተከፋዩ ዴቢት ሊሆን ይችላል። የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ደግሞ ከንብረት ጋር ቢቀመጥም ተፈጥሮው ክሬዲት ነው። በጠራ ምክንያት የቆመውን እለፉት፤ ምክንያት የሌለውን አታሳልፉ።

አዲስ ሠራተኛ የሚያዘጋጃቸውን የባንክ ጆርናሎች ስታዩ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የባንክ ስቴትመንት ገንዘብ ሲገባልን «ክሬዲት» ይላል። ባንኩ የሚጽፈው በራሱ ዓይን ነው፤ የእኛ ገንዘብ ለእሱ ዕዳ ነው። በእኛ መዝገብ ግን የገባ ገንዘብ ዴቢት ነው። ስቴትመንቱን እያየ ቀጥታ የገለበጠ ሰው የባንክ ጆርናሎቹን በሙሉ አዙሮ ያስገባል። አንዱን እንዲህ ካገኛችሁ ሌሎቹንም ፈትሹ፤ ብቻውን አይገኝም።

የታክስ መስመሩ

ወደ ጆርናል ለ እንሂድ። ጠቅላላው 138,000 ነው፣ ከኢንቮይሱ ጋር ይገጥማል። ተከፋዩም ትክክል ነው። ቫቱ ግን 20,700 ነው፤ ኢንቮይሱ ላይ ያለው 18,000 ነው።

20,700 ከየት መጣ? 138,000ን በ15 በመቶ አባዙት፣ እሱው ይመጣል። ባልደረባችሁ ታክስን ካካተተው ዋጋ ላይ እንደገና ታክስ አሰላ ማለት ነው። ታክስ ያለበት ዋጋ መቶ አሥራ አምስት እጅ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ታክሱ አሥራ አምስቱ እጅ ብቻ ነው። ትክክለኛው ስሌት ይህ ነው፦

```
138,000 × 15 ÷ 115 = 18,000
```

ይህ ስህተት ለዓይን አይጎላም። ሦስቱ መስመሮች ተደምረው ልክ 138,000 ይሞላሉ፤ ወጪው በ2,700 አንሷል፣ ተመላሽ የሚጠየቀው ቫት በ2,700 በዝቷል። ታክስ ባለሥልጣኑ ሲመረምር ግን ያልተከፈለ ታክስ ተመላሽ ተጠይቋል ይባላል። ፈጣን መፈተሻ አለ፤ የታክሱን መስመር ለወጪው መስመር አካፍሉት። 20,700 ለ117,300 ሲካፈል 17.6 በመቶ ገደማ ይመጣል። በ15 በመቶ ተመን 17.6 ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ታክሱ ከጠቅላላው ላይ ተሰልቷል። ተመኑ ሌላ በሆነበት ቦታ ቁጥሩ ይለያያል፤ ዘዴው ያው ነው።

የታክሱ መጠን ትክክል ሆኖም መስመሩ ሊሳሳት ይችላል። በብዙ ሶፍትዌሮች የታክስ ሪፖርቱ የሚወጣው ከታክስ ኮዱ ነው። አንድ ሰው ኮዱን ሳይመርጥ 18,000ን በእጁ የግዢ ቫት ሂሳብ ላይ ዴቢት ቢያደርገው ሌጀሩ ያየዋል፣ የታክስ ሪፖርቱ ግን አያየውም። ስለዚህ ወር ሲዘጋ የቫት ሂሳቡ እንቅስቃሴና የታክስ ሪፖርቱ ድምር ጎን ለጎን ይቀመጡ። ልዩነት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው በእጅ የገባ ጆርናል ነው።

ኮዱ ተመርጦም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። በዜሮ ተመን የሚታከስ ሽያጭና ከታክስ ነፃ የሆነ ሽያጭ ጆርናላቸው ላይ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ታክሱ ዜሮ ነው። በታክስ ማስታወቂያው ላይ ግን የሚሰፍሩበት ቦታ ይለያያል፤ ከግዢው ላይ የተከፈለውን ታክስ የመመለስ መብትም ይለያያል። «ዞሮ ዞሮ ዜሮ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አክሩዋል ላይም የታክስ መስመር ካያችሁ አስቁሙት። የ2ኛው ወር አክሩዋል 10,000 እንጂ 11,500 ያልሆነው በምክንያት ነው። በብዙ የቫት ሥርዓት የግዢ ታክስ የሚጠየቀው ትክክለኛ የታክስ ኢንቮይስ ሲያዝ ነው። ግምት ኢንቮይስ አይደለም። ድርጅቱ ታክሱን የመመለስ መብት ከሌለው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ታክሱ የወጪው አካል ይሆናል፣ የወሩ ድርሻም 11,500 ይሆናል። ስለዚህ የድርጅቱን የታክስ ሁኔታ ሳታውቁ ይህን መስመር ማጽደቅ አይቻልም።

የትኛው ወር

ጆርናል ለ ሌላም ጣጣ አለበት። የአንድ ዓመት ውል በሙሉ የ3ኛው ወር ወጪ ሆኗል። ኢንቮይሱ የመጣው በዚህ ወር ስለሆነ «የዚህ ወር ነው» ተብሎ ነው።

አንድ ግዢ ሦስት ቀን አለው። አገልግሎቱ የተሰጠበት፣ ኢንቮይሱ የተጻፈበት፣ ጆርናሉ የተመዘገበበት። ወጪው የሚከተለው የመጀመሪያውን ነው። አገልግሎቱ በ12 ወር የሚሰጥ ከሆነ ወጪውም በ12 ወር ይከፋፈላል፤ 10,000 በየወሩ። እስከ 3ኛው ወር መጨረሻ ሁለት ወር አልፏል፣ 20,000 ወጪ ነው። የቀረው 100,000 ቅድመ ክፍያ ሆኖ ንብረት ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ «ገና ያልተከፈለ ነገር እንዴት ቅድመ ክፍያ ይባላል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ድርጅት ያልተከፈለውን ኢንቮይስ በተከፋይና በቅድመ ክፍያ በሁለቱም በኩል አያሳብጥም። በሌላው ደግሞ ኢንቮይሱ ከጸደቀና የመክፈል ግዴታው ከተረጋገጠ በቅድመ ክፍያ ይያዛል። የድርጅታችሁ ፖሊሲ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በሁለቱም መንገድ ያላገለገለው አሥር ወር የ3ኛው ወር ወጪ አይሆንም። እኛ በሁለተኛው እንቀጥል።

ታክሱስ ይከፋፈላል? አይከፋፈልም። ተመላሽ የሚሆን ቫት የሚከተለው ኢንቮይሱን እንጂ የአገልግሎቱን ወራት አይደለም። ስለዚህ 18,000 በሙሉ የ3ኛው ወር ነው። ወጪው በ12 ሲከፋፈል ቫቱንም አብሮ በ12 የከፋፈለ ሰው ካጋጠማችሁ ግራ አይግባችሁ፤ ሁለቱን ቀኖች አንድ አድርጎ ስላየ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ጆርናሎች መሆን የነበረባቸው እንዲህ ነው፦

```
ጆርናል ሀ
  ዴቢት   የአክሩዋል ዕዳ       10,000
  ክሬዲት  የጥገና ወጪ        10,000

ጆርናል ለ
  ዴቢት   የጥገና ወጪ        20,000
  ዴቢት   ቅድመ ክፍያ        100,000
  ዴቢት   የግዢ ቫት         18,000
  ክሬዲት  ተከፋይ ሂሳብ      138,000
```

ሲጣመሩ የ3ኛው ወር ወጪ 20,000 ሲቀነስ 10,000፣ ማለትም 10,000 ይሆናል። የወሩ ድርሻ ልክ ነው። በባልደረባችሁ ምዝገባ ግን 127,300 ነበር። የወሩ ትርፍ በ117,300 ዝቅ ብሎ ሊታይ ነበር፤ ትራያል ባላንሱም ምንም አይልም።

ጊዜን በተመለከተ ሌሎች ሦስት ቦታዎችን ሳታዩ አትነሱ። የመጀመሪያው የምዝገባ ቀን ነው። ሰው ጆርናሉን የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ወሩ ካለቀ በኋላ፣ በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ ቀናት ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ቀን ካልተቀየረለት የዛሬውን ይሞላል። የ3ኛው ወር ጆርናል በ4ኛው ወር 2ኛ ቀን ሲገባ፣ ቀኑ ካልተመለሰ 4ኛው ወር ውስጥ ይቀመጣል። ጆርናሉ የተፈጠረበትን ቀንና የተመዘገበበትን ቀን በአንድ ዝርዝር አውጥታችሁ አስተያዩ፤ ወዲያው ይታያል።

ሁለተኛው ራሱ የሚነሳ አክሩዋል ነው። የማንሻው ቀን የቀጣዩ ወር መጀመሪያ መሆን አለበት። በስህተት የዚያው ወር የመጨረሻ ቀን ከተሞላ አክሩዋሉ ገብቶ በዚያው ወር ይወጣል፤ እንዳልተያዘ ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ ያነሳውን ደግሞ ሰው በእጁ ድጋሚ ያነሳዋል። ምሳሌያችን ላይ ጆርናል ሀ ከመታረሙ በፊት «ሶፍትዌሩ አንስቶት አይደለም ወይ?» ብላችሁ ሌጀሩን ማየት ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ሦስተኛው እናንተ ጋ ያልቀረበው ነው። ከፊታችሁ የተቀመጡትን ጆርናሎች ብቻ ካያችሁ የጎደለውን አታገኙም። የ4ኛውን ወር የመጀመሪያ ሳምንት ኢንቮይሶች አገላብጡ። የአገልግሎት ቀናቸው የ3ኛው ወር የሆኑ ይኖራሉ። ለእነሱ አክሩዋል ተይዟል? የባለፈውን ወር የአክሩዋል ዝርዝርም ጎን አስቀምጡት። ባለፈው ወር የነበረ፣ በዚህ ወር የጠፋ፣ ኢንቮይሱም ያልመጣ ካለ ተረስቷል ማለት ነው።

ሁሉን እኩል አትዩ

ወር መጨረሻ ላይ ጊዜ የለም። ከግዢ ሞጁሉ በራሱ የሚወጣ ጆርናልና ሰው በእጁ የጻፈው እኩል አያሰጋም። በእጅ ከተጻፉት ጀምሩ። ከእነሱ ውስጥ ትልልቆቹን፣ ድፍን ቁጥር የሆኑትን፣ በመጨረሻው ቀን የገቡትን፣ መግለጫቸው «ማስተካከያ» ብቻ የሚሉትን አስቀድሙ። የጥቂት ሳንቲም ልዩነት ላይ ግማሽ ቀን ማሳለፍ ጥንቃቄ አይባልም። ታክስ ሂሳብ ላይ ግን ትንሹም ይታይ፤ የሚነበበው ከድርጅቱ ውጭ ነውና።

ስህተቱን ስትመልሱ

እጃችሁ ቢያሳክክም ራሳችሁ አታርሙት። ያረማችሁት ጆርናል የእናንተ ሥራ ሆነ፤ እሱን የሚያይ ሌላ ሰው መገኘት አለበት። መልሱት። ስትመልሱም «ይህ ልክ አይደለም፣ እየው» አትበሉ፤ ባልደረባችሁ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፣ ይቀየማልም። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ይበቃል፦

«ጆርናል ለ፣ ሁለተኛው መስመር፦ ኢንቮይሱ ላይ ቫቱ 18,000 ነው፣ አንተ ጋ 20,700 ሆኗል። ከ138,000 ላይ ያሰላኸው ይመስለኛል። አንደኛው መስመር፦ ውሉ ከ2ኛው ወር ጀምሮ 12 ወር ነው፤ 100,000ው ወደ ቅድመ ክፍያ ይሂድ። ጆርናል ሀ ደግሞ ጎኑ አልተገለበጠም መሰለኝ፣ የአክሩዋል ሌጀሩን አንዴ እየው።»

የጆርናሉ ስም፣ መስመሩ፣ ሰነዱ የሚለው፣ የተገመተው ምክንያት። «መሰለኝ» የምትለዋ ለይሉኝታ ብቻ አይደለችም። አንዳንዴ ባልደረባችሁ እናንተ ያላያችሁት የውል ማሻሻያ እጁ ላይ አለ።

ጆርናሎቹ ገና ረቂቅ ከሆኑ ራሳቸው ይስተካከሉ። ፖስት ከተደረጉ ግን አይሰረዙ። ሁለቱም በተቃራኒ ጆርናል ይነሱ፣ ትክክለኞቹ እንደ አዲስ ይግቡ። ልዩነቱን ብቻ በአንድ ጆርናል ማረምም ይቻላል፦

```
  ዴቢት   ቅድመ ክፍያ        100,000
  ዴቢት   የአክሩዋል ዕዳ       20,000
  ክሬዲት  የጥገና ወጪ       117,300
  ክሬዲት  የግዢ ቫት          2,700
```

አጭር ነው፣ ቁጥሩም ይገጥማል። እኔ ግን የታክስ መስመር ባለበት ጆርናል የመጀመሪያውን መንገድ እመርጣለሁ። 2,700ው በእጅ ሲቀነስ ሌጀሩ ይስተካከላል፤ የታክስ ሪፖርቱ ግን አሁንም 20,700 ሊል ይችላል። ተቃራኒ ጆርናሉም ቢሆን በዚያው የታክስ ኮድና በ3ኛው ወር ቀን መግባት አለበት። ያለ ኮድ ከተነሳ ሪፖርቱ ላይ 20,700ውም 18,000ውም ይደመራሉ፤ ቀኑ ከተዘለለ ደግሞ ስህተቱ 3ኛው ወር ውስጥ ቀርቶ ማረሚያው 4ኛው ወር ላይ ይወድቃል።

ወሩን ከመቆለፋችሁ በፊት አራት ቁጥር እዩ። የዚህ ውል የአክሩዋል ዕዳ ዜሮ፣ ቅድመ ክፍያው 100,000፣ የወሩ የጥገና ወጪ 10,000፣ በታክስ ሪፖርቱ ላይ የዚህ ኢንቮይስ ቫት በድምሩ 18,000። የቅድመ ክፍያ ሰንጠረዡ ላይም ከ4ኛው ወር ጀምሮ አሥር ጊዜ 10,000 መሞላቱን አረጋግጡ።